ያለ ኮሚሽን

እኛ ሰፈር አንድ ሐጂ አሉ። በጉብዝናቸው ዘመን በአሶሳና በኩርሙክ መካከል ሲነግዱ፣ ወርቅም ሲገዙና ሲሸጡ የኖሩ ናቸው። አሁን ጉልበታቸው ስለደከመ ደጃፋቸው ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሰው ንግድ ይነግዳሉ። ማለቴ፣ ሰው ሊገዛ ሲሄድ ይመክሩታል፤ ገዝቶ ሲመለስ ደግሞ ይፈርዱበታል።

ዱባይ ለሁለት ሳምንት ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ገንዘቡን በምን እንደምይዘው ነበር። ከፊሉን በጥሬ ዶላር፣ ከፊሉን በካርድ አልኳቸው። ካርዱን አገላብጠው አዩት፣ በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት፣ መለሱልኝ።

«ያ ወለዲ፣ እኔ ይኼን አላውቀውም» አሉ። «ወርቅ ገዥን ግን አውቀዋለሁ። ዋጋውን ከፍ አድርጎ የጠራልህ ዕለት አፉን ትተህ ሚዛኑን እይ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለትና መስማት የተለያዩ መሆናቸው የገባኝ ዱባይ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ጉዞው የእህቴ ሐሳብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዱባይ ሰው ቤት ሠርታ ለቤት መሥሪያ ስትልክ ኖራ፣ ቤቱ ጣራ ካበጀ በኋላ «አሁንስ አንድ ጊዜ እንኳ መጥተህ እየኝ፤ ከተረፈው ላይ አውጣና ና» አለችኝ። ከተረፈው ላይ አወጣሁ። ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዤ ባንክ ሄድኩ። አሶሳ ያለው ቅርንጫፍ ጥሬ ዶላሩን ከአዲስ አበባ እንድወስድ ነገረኝ። ከክልላችን መሬት በየቀኑ የሚታጠበው ወርቅ ለብሔራዊ ባንክ እየቀረበ ዶላር ያመጣል፤ የአሶሳው ሰው ግን 700 ዶላር ለመቁጠር ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ይህን ለቅሬታ አላነሣሁትም፤ መንገዴም በዚያው ነበር።

ብሩ በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ከሽርፍራፊ ነበር፤ በወር ጊዜ ውስጥ መቶን አለፈ። ከዓመት በላይ ቆይቶ እኔ በሄድኩበት ጥቅምት ባንኩ የሸጠልኝ በ150 ብር ገደማ ነው። ጥሬውም ካርድ ላይ የሚሞላውም ዶላር ዋጋው አንድ ነበር። 700ውን በኪሴ፣ 1,000ውን በካርዱ ይዤ ተነሣሁ። ስለዚህ አገር ቤት ላይ ጥሬና ካርድ እኩል ናቸው፤ የሚለያዩት ከዚያ ወዲያ ነው።

ዱባይን ለስሌት የምመርጣት በአንድ ምክንያት ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር ታስሮ የሚኖር ገንዘብ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1997 ጀምሮ አንድ ዶላር 3.6725 ድርሃም ነው፤ ዛሬም፣ ነገም። መቶ ዶላር ማለት 367 ድርሃም ከ25 ሳንቲም ማለት ነው። ይህች ቁጥር ሐጂ የሚሏት ሚዛን ናት። ከሷ ያነሰ ነገር እጅህ ላይ ከደረሰ፣ የጎደለው አንድ ሰው ኪስ ገብቷል። ገበያው ወጥቶ ወርዶ ነው የሚል ሰበብ እዚህ አይሠራም።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ካለ አንድ መመንዘሪያ መስኮት ላይ በትልቁ NO COMMISSION ተጽፏል። ያለ ኮሚሽን! እኔ አገር ቤት ኮሚሽን ከፍዬ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ደስ አለኝ። ለታክሲ ብዬ መቶ ዶላር ሰጠሁ። ልጁ ፈገግ ብሎ 345 ድርሃም ቆጠረልኝ። በእርግጥም ኮሚሽን የሚል መስመር ደረሰኙ ላይ የለም። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስቀንስ ግን 22 ድርሃም ከ25 ሳንቲም የለችም። ስድስት ዶላር! ኮሚሽኑን አልወሰደም፤ ሚዛኑን ነው የቀነሰው። በኮሚሽን ስም ሦስት ዶላር ቢጠይቀኝ ኖሮ ግን ተቆጥቼ ጥዬው እሄድ ነበር።

እህቴ የምትኖረው አሠሪዎቿ ቤት ስለሆነ እኔ ዴራ ከተባለው የገበያ ሰፈር አንድ ትንሽ ሆቴል ያዝኩ። የ14 ሌሊቱ ኪራይ 2,100 ድርሃም። ካርዴን አውጥቼ ሰጠሁ። የእንግዳ መቀበያው ሰውዬ ማሽኑን ነካ ነካ አድርጎ ወደ እኔ አዞረው። ሁለት መስመር ይነበባል፦

```
AED 2,100.00
USD 600.00
```

«በዶላር ይሁንልዎ? ካርድዎ የዶላር ነው፤ ስንት እንደተቆረጠብዎ ወዲያው ያውቃሉ» አለኝ በትሕትና። እውነት ለመናገር ክብር መሰለኝ። ድርሃም የአገሬው፣ ዶላር የእንግዳው። ደግሞም 600 እንዴት ያለች ደልዳላ ቁጥር ናት! በራሴ ጣት ታችኛውን ተጫንኩ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ 2,100ን ለ3.6725 አካፈልኩ። 571 ዶላር ከ82 ሳንቲም። የካርዴ ባንክ በሌላ አገር ገንዘብ ስከፍል ከመቶ ሁለት ይወስዳል፤ እሱን ብጨምርበት 583 ከ26። እኔ የከፈልኩት 600 ነው። ማሽኑ ውስጥ የተቀመጠው ምንዛሪ 3.50 ነበር ማለት ነው። ያ ሰውዬ የጠየቀኝ ጥያቄ ሲተረጎም «ምንዛሪውን የእርስዎ ባንክ ይሥራው ወይስ እኛ?» ነው። እነሱ ሲሠሩት ትርፉን ባለማሽኑና ባለሱቁ ይካፈሉታል። ስለዚህ ትሕትናው ደመወዝ አለው። ኤቲኤምም ይህንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ በሌላ ቋንቋ፣ Accept conversion ወይስ Decline conversion እያለ። Decline የሚለው ቃል አስፈሪ ነው፤ ገንዘቡን የሚከለክልህ ይመስላል። አይከለክልም፤ ምንዛሪውን ለራስህ ባንክ ይተውለታል እንጂ። ምልክቱ አንድ ነው፤ ሰው አገር ቆመህ ስክሪኑ ላይ የራስህን ካርድ ገንዘብ ስም ካየህ፣ እጅህን ሰብስብና የአገሬውን ምረጥ።

በዚያው ሆቴል ሌላ ነገር ተከተለ። ዕቃ ቢሰበር ማስያዣ የሚሆን 500 ድርሃም ካርዱ ላይ «ይያዝ» አለኝ። አይቆረጥም፣ ይያዛል ብቻ፤ ስትወጣ ይለቀቃል። እኔም ምን ገዶኝ። 136 ዶላር ተያዘች። ይህች 136 ዶላር በኋላ የምትሠራብኝን አላወቅሁም።

በነጋታው እህቴ እረፍት ወጥታ መጣች። ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ የመጀመሪያው ቁም ነገራችን ምንዛሪ ሆነ። የመቶ ዶላሩን ስነግራት ራሷን ያዘች።

«ውይ ወንድምዬ! አውሮፕላን ማረፊያ መነዘርክ? እኛ እኮ እዚያ ውኃ እንኳ አንገዛም።»

ይዛኝ ወደ ዴራ ጎዳና ወጣች። መመንዘሪያ ቤቶቹ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ለመቶው 364፣ ሁለተኛው 365፣ ጥግ ላይ ያለው 366 አለን። «መግዣ ስንት ነው?» ብላ አትጠይቅም፤ «መቶ ዶላር ብሰጥህ እጄ ላይ የሚደርሰው ስንት ነው?» ነው የምትለው። ይህች አጠያየቅ ወርቅ ናት። ኮሚሽኑም፣ ምንዛሪውም፣ ሽርፍራፊውም አንድ ቁጥር ውስጥ ተጠቅልለው ይመጣሉ፤ መደበቂያ የላቸውም። 500 ዶላር ሰጥተን 1,830 ድርሃም ተቀበልን። ከእውነተኛው ሚዛን የጎደለው ስድስት ድርሃም ከሩብ ነው። በአምስት መቶ ዶላር የከሰርኩት፣ ትናንት በመቶው ከከሰርኩት ሲሶውን አይሞላም።

የቀረችው አንድ መቶ ዶላር ግን አልተመነዘረችም። ጠርዟ ላይ አንድ ሰው ሲቆጥር በእስክሪብቶ ትንሽ መስመር አስምሮባታል። ጥግ ላይ ያለው ልጅ ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ አያት፣ መለሳት። ጎረቤቱ በ350 ሊወስዳት ፈለገ። እህቴ ተናደደች፤ እኔ አጥፌ ኪሴ ልከታት ስል ይባስ ጮኸችብኝ። ዶላር አይታጠፍም ለካ። በፈረንጆች 2013 የወጣችው ሰማያዊ ሪባን ያላት መቶ ዶላር፣ ያልታጠፈች፣ ያልተጻፈባት፣ እሷ ሙሽራ ናት። ከሷ በፊት የነበረችው ደግሞ በየመመንዘሪያው እየተገላበጠች ትታያለች። እንግዲህ ባንክ ዶላር ሲሰጥህ ፊት ለፊቱ ቁመህ አንድ በአንድ አይተህ መቀየር ያለብህን እዚያው አስቀይር። እኔ አዲስ አበባ ላይ ዶላር አገኘሁ ብዬ ስለተደሰትኩ ፊቷን እንኳ አላየሁም።

በሁለተኛው ሳምንት ድርሃሜ አለቀ። እህቴ ሥራ ላይ ነች። ኤቲኤም ማሽን ደግሞ ከሆቴሉ በር አሥር እርምጃ ላይ ቆሟል። ፈራ ተባ እያልኩ 400 ድርሃም ጠየቅሁት። ባለማሽኑ ባንክ 20 ድርሃም እንደሚያስከፍል በስክሪኑ ነገረኝ፤ ቢያንስ ይህ ጨዋ ነው፣ ፊት ለፊት ይናገራል። ተስማማሁ። የኔ ባንክ ደግሞ በየአንዳንዱ ወጪ ሦስት ዶላር፣ ከዚያም ላይ ከመቶ ሁለቱን ይወስዳል፤ ይህ ካርዱን ስወስድ በፈረምኩት ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ ያነበብኩት ግን ዱባይ ነው።

ደብተሬን አወጣሁ። 400 ድርሃም በእውነተኛው ሚዛን 108 ዶላር ከ92 ሳንቲም ነው። ከመቶ ሁለቱ 2 ከ18፣ የባንኬ 3፣ የማሽኑ 20 ድርሃም ደግሞ 5 ከ45። በድምሩ 10 ዶላር ከ63። የመቶ ዶላር ገንዘብ ለማውጣት አሥር ዶላር! አውሮፕላን ማረፊያው እንኳ ይሻለኝ ነበር። ይህን ጊዜ ግን አንድ ነገር ታየኝ። የማሽኑ 20 ድርሃምና የባንኬ ሦስት ዶላር ብዙ ባወጣም ትንሽ ባወጣም አይቀየሩም። 1,600 ድርሃም በአንድ ጊዜ ባወጣ የምከፍለው 17 ዶላር ከ16 ነው፤ ከመቶ አራት አይሞላም። ያንኑ 1,600 አራት ጊዜ እየከፈልኩ ባወጣ ግን 42 ዶላር ከግማሽ ይሄዳል። ስለዚህ ኤቲኤም በጥቂት በጥቂቱ ሲጠባ የሚገድል ነው፤ ከሄዱበት አይቀር ሞልቶ መቅዳት ነው። ችግሩ፣ ገንዘብ የሚፈራ ሰው በትንሽ በትንሹ ማውጣት ይወዳል፤ ቁጠባ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ ነኝ።

ጫማ ገዛሁ፤ 300 ድርሃም በካርድ። ማሽኑ ሲዞርልኝ ከሻጩ አፍ ቀድሜ «ድርሃም! ድርሃም!» አልኩ። ሁለት ሰዎች ዞር ብለው አዩኝ። የሄደው ከመቶ ሁለት ብቻ፣ አንድ ዶላር ከ63።

ከዚያ ሻንጣው መጣ። እህቴ የሰጠችኝ ዕቃ በአንድ ሻንጣ አልገባ ስላለ ባለ 250 ድርሃም ሻንጣ መረጥኩ፣ ካርዱን ሰጠሁ፣ ማሽኑ እንቢ አለ። ደግሞ ሞከረ። እንቢ። ሂሳቤን በስልኬ አየሁ። ካርዱ ላይ 61 ዶላር ብቻ ነው ያለኝ፤ ያች የሆቴል ማስያዣ 136 ዶላር ታፍና ተቀምጣለች። አለች፣ ግን የለችም። ሆቴሉ ስለቅ ይለቀቃል ብሏል፤ እኔ ደግሞ ሻንጣውን የምፈልገው ለመልቀቅ ነው። ከወር ወር ደመወዙ ለሚሞላ ሰው የብድር ካርድ ላይ ማስያዣ ምንም አይደለም፤ ልክክ ብሎ በተሞላ ካርድ ላይ ግን ገንዘብህን አስሮ ማስቀመጥ ማለት ነው። ማስያዣን በጥሬ ብሰጥ ኖሮ በጥሬ እቀበል ነበር። ሻንጣውን እህቴ ከፈለችልኝ።

የመጨረሻው ማታ ደብተሩን አብረን አየን። ካርድ የድርሃም ምርጫ ከተከበረ ከመቶ ሁለት ይወስዳል። ዴራ ላይ የተመነዘረው ጥሬ ከመቶ ግማሽ እንኳ አልፈጀም። ጠቅላላ የመነዘርኩት ወደ 1,360 ዶላር የሚጠጋ ነው፤ በመንገድ የጠፋው 48 ዶላር። ሁሉንም በጥሬ ይዤ ዴራ ብመነዝር ከአምስት ዶላር በታች ይበቃኝ ነበር። ከመቶ ሁለት ማለት እንግዲህ የመድን ዋጋ ነው፤ ኪስ ቢታጠብ ካርዱን በስልክ ታስዘጋዋለህ፣ ጥሬውን ግን ማንም አይዘጋልህም። እኔ ብመለስ የዕለት ወጪን በጥሬ፣ ሆቴሉን በካርድ በድርሃም እይዛለሁ፤ ኤቲኤሙን ለክፉ ቀን። ይህ ግን የዱባይ ፍርድ ነው። እዚያ መመንዘሪያ ቤቶቹ ተፋጥጠው ስለሚወዳደሩና ገንዘቡ ከዶላር ጋር ስለታሰረ ነው ጥሬ ያሸነፈው። መመንዘሪያው አንድ ብቻ በሆነበት ከተማ ከመቶ ሁለት የሚወስድ ካርድ ቸር ሊሆን ይችላል።

እህቴ ደብተሩን ዘጋችውና ዝም አለች። ከዚያ «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ይኼ ገንዘብ እኔ የላክሁት አይደለም?»

«ነው።»

«እኔ በድርሃም ከፍዬ ላክሁት። አሶሳ ብር ሆነ። አንተ ብሩን ሰጥተህ ዶላር ገዛህ። ዶላሩን ደግሞ እዚህ ድርሃም አደረግኸው።»

ሁለታችንም ደብተሩን ከፈትነው። የላከችውን ባንኩ የተቀበለን በመግዣ ዋጋ ነው፤ ለእኔ የሸጠልኝ በመሸጫ ዋጋ። በመካከላቸው በየዶላሩ ሦስት ብር ያህል አለ። በ1,700 ዶላር ሲባዛ 5,100 ብር። መላኪያው ሲጨመር፣ የኔ ኮሚሽን ሲጨመር ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እዚያው ዴራ ላይ እጄ ላይ ብታደርገው ኖሮ ባንክም፣ አውሮፕላን ማረፊያም፣ ማሽንም አንዲት ሳንቲም አይነኩም ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ርካሹን መንገድ ስፈልግ፣ ርካሹ መንገድ አጠገቤ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣ ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«አንተ አስተማሪ አይደለህ እንዴ?» አለችኝ።

ወደ አሶሳ ተመለስኩ። ማስያዣዋ 136 ዶላር ከመጣሁ ከአሥር ቀን በኋላ ካርዱ ላይ ተመልሳ ታየች፤ እኔ አሶሳ፣ እሷ ዶላር። ባንኩ በብር ሊመልስልኝ ይችላል፤ በመግዣ ዋጋ ነዋ። ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ።

ሐጂ ጋ ስሄድ ተምር ይዤላቸው ነበር። መጀመሪያ ግን ያችን ባለ እስክሪብቶ መቶ ዶላር አሳየኋቸው። ፀሐይ ላይ ዘርግተው አዩዋት፤ ሳቁ።

«ድሮ በጠገራው ብር ጊዜ እንዲህ ነበር አሉ» አሉኝ። «በሴትዮዋ ልብስ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቆጥራሉ። አንዱ ካልታየ አይቀበሉም። የብሩ ብርነት ያው፣ ክብደቱም ያው፤ ፈርጡ ከተፋቀ ግን አይሆንም። የዛሬዎቹም ፈርጥ ቆጣሪ ናቸው።»

እውነታቸውን ነው። የማርያ ቴሬዛ ብር ሁልጊዜ 1780 የሚል ዓመት ተጽፎበት እየተመታ ወደ እኛ ገበያ ይመጣ ነበር፤ አባቶቻችንም ያንን ብር የሚያውቁት በመልኩ ስለሆነ መልኩ የጎደለውን ይመልሱ ነበር። የኔዋን መቶ ዶላር ቢያዩ እነሱም ይመልሱልኝ ነበር።

ከዚያ የ48 ዶላሩን፣ የሆቴሉን፣ የኤቲኤሙን ታሪክ አንድ በአንድ አወራኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። NO COMMISSION የሚለው ላይ ስደርስ ብቻ ከፈት አደረጉ።

«አላልኩህም?» አሉ። ተምሩን ከላስቲኩ አውጥተው አንዱን ቀመሱ፤ ፍሬውን ማንጎው ሥር ተፉት። «መልካም ተምር ነው። በስንት ገዛኸው?»

«ኪሎውን በ25 ድርሃም፤ ሁለት ኪሎ ነው።»

ላስቲኩን በአንድ እጃቸው ከፍ አድርገው ጥቂት ወዘወዙት።

«ሲመዝንልህ አይተሃል?»